ከታካሚዋ ጀምሪ

ጥያቄ፦

«ሰላም ዶክተር፣ እንደምን አሉ? የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ የሲ ቱ ሜዲካል ተማሪ ነኝ። እንግሊዝ አገር ባለ አንድ የማስተማሪያ ሆስፒታል፣ በልብ ክፍል፣ ለአራት ሳምንት ክሊኒካል ኢንተርንሺፕ ላመለክት ሞቲቬሽን ሌተር እየጻፍኩ ነው። አጀማመሬ እንዲህ ነው፦ ‹ከልጅነቴ ጀምሮ ሐኪም ሆኜ ሰዎችን የመርዳት ሕልም ነበረኝ። ሆስፒታላችሁ በዓለም የታወቀ ነው። አገሬ ድሃ ናት፤ ሆስፒታላችን መሣሪያ የለውም። ዕድሉን ባገኝ ኢኮና ካቴተራይዜሽን መሥራት እለማመዳለሁ።› መጨረሻ ላይ አንዲት ታካሚ በአንድ መስመር ጠቅሻለሁ። ጋይኒ አታችመንት ላይ ሳለሁ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ትንፋሽ አጥሯት መጣች። ጤና ጣቢያ አስም ተብላ ነበር። ሬዚደንቱ በግራ ጎኗ አስተኝቶ ልቧን እንዳዳምጥ አደረገኝ። ኢኮ ሲሠራ የሚትራል ቫልቭ ጥበት ሆኖ ተገኘ። እንዴት ትውለድ የሚለውን ለመወሰን የጋይኒ፣ የልብና የማደንዘዣ ሐኪሞች ሦስት ቀን በስልክ ተፈላለጉ። ኋላ በሰላም ወለደች። ጓደኞቼ ‹ይሄ ኬዝ ሪፖርት ነው፣ ከደብዳቤው አውጪው› አሉኝ። ላውጣው? ሌላውስ እንዴት ነው?»

ሜ.፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ፦

ውድ ሜ.፣

አታውጪው። ከላይ ያለውን አውጪና እሷን ወደ ላይ አምጫት። ጓደኞችሽ ላንቺ ብለው ነው የመከሩሽ፤ ግን በዚህ አልስማማም። ደብዳቤሽ ውስጥ ሌላ ሰው ሊጽፈው የማይችለው ነገር እሷ ብቻ ናት።

መጀመሪያ ደብዳቤው ማን እጅ እንደሚገባ ላስረዳሽ። ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያ የሚያየው የተማሪዎች ጉዳይ ቢሮ ሠራተኛ ነው። እሱ የሚያየው ወረቀትሽ መሟላቱን ነው። ከዚያ ወደ ክፍሉ ይሄድና አንድ ኮንሰልታንት «ይህችን ተማሪ ትቀበላለህ?» ተብሎ ይጠየቃል። ይህ ሰው ደብዳቤውን የሚያነበው በክሊኒክና በክሊኒክ መሀል ባገኛት ትንሽ ጊዜ ነው። የሚፈልገውም ጥቂት ነገር ነው። ይህች ልጅ ታካሚ አጠገብ ቆማ ታውቃለች? እኛ ጋ አራት ሳምንት ምን ልታይ ነው የምትመጣው? የክፍሉን ደንብ ታከብራለች? የልጅነት ሕልም አንዱንም አይመልስለትም። «ሆስፒታላችሁ የታወቀ ነው» የሚለውም እንደዚያው ነው፤ ስሙን ቀይረሽ ለሌላ ሆስፒታል ብትልኪው ምንም አይጎድለውም። እሱም ይህን ያውቀዋል።

ነፍሰ ጡሯ ግን የመጀመሪያውን ጥያቄ ወዲያው ትመልሳለች።

ለሌሎች አንባቢዎች ነገሩን ባጭሩ ልንገራቸው። ሲ ቱ ሁለተኛው የክሊኒካል ትምህርት ዓመት ነው፤ ኢኮ የልብ አልትራሳውንድ ነው፤ ካቴተራይዜሽን ደግሞ ቀጭን ቱቦ በደም ሥር ወደ ልብ ማስገባት ነው። በልጅነት በጉሮሮ ሕመም የሚጀምር የሩማቲክ ትኩሳት የልብን ቫልቭ ይጎዳል። ከሁሉም አብዝቶ የሚያጠቃው በልብ ግራ በኩል ያለውን ሚትራል ቫልቭን ነው። ቫልቩ እየጠበበ ይሄዳል፤ ሴትየዋ ግን ለዓመታት ምንም ላይሰማት ይችላል። ስታረግዝ የደሟ መጠን ከ40 እስከ 50 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ልቧም ይፈጥናል። ልብ ሲፈጥን ደም በጠባቡ ቫልቭ የሚያልፍበት ጊዜ ያጥራል። ያላለፈው ደም ወደኋላ ተጠራቅሞ ሳንባ ላይ ይጫናል። ስለዚህ ጤነኛ ነኝ ስትል የኖረች ሴት በስድስተኛው፣ በሰባተኛው ወር በድንገት ትንፋሽ ያጥራታል፤ ጋደም ስትል ይብስባታል፤ ሌሊት ያስላታል። ጤና ጣቢያ ያለው ባለሙያ አስም ቢለው አይገርምም። እርግዝና ራሱም ትንፋሽ ያሳጥራል።

ይህን ማብራሪያ ደብዳቤሽ ውስጥ አታስገቢው። የልብ ሐኪሙ ከአንቺ በላይ ያውቀዋል። የማያውቀው አንቺ እዚያ ክፍል ውስጥ ምን እንዳደረግሽና ምን እንዳልገባሽ ነው። ጓደኞችሽ «ኬዝ ሪፖርት» ያሉት እዚህ ላይ ከሆነ ልክ ናቸው። ኬዝ ሪፖርት ስለ ታካሚዋ ነው፤ የአንቺ ደብዳቤ ደግሞ በእሷ ምክንያት አንቺ ውስጥ ስለተነሳው ጥያቄ ነው። የደም ግፊቷ፣ የኢኮ ቁጥሮቿ፣ የወሰደችው መድኃኒት አያስፈልጉም።

አሁን በግራ ጎኗ ወዳስተኛችሁበት ደቂቃ ልመልስሽ። በአንድ መስመር አልፈሽዋል፤ እኔ ግን በዝርዝር ጻፊው እላለሁ። ሬዚደንቱ ስቴቶስኮፑን የት አስቀምጪ አለሽ? በጠባቡ ጎን በቤሉ ነው ወይስ በሰፊው ጎን በዲያፍራሙ? ምን ሰማሽ? መጀመሪያ ምንም ካልሰማሽ እንደዚያው ጻፊ። የሚትራል ጥበት ድምፅ ዝቅ ያለ፣ የሚያጉረመርም ነው። ቤሉን የልቧ ጫፍ ላይ ለስለስ አድርገሽ ካላሳረፍሽ ያመልጥሻል፤ ጫን ካደረግሽበትም ይጠፋል። ብዙ ተማሪ አይሰማውም። ስለዚህ ለማሳመር ብለሽ «ከፍተኛ ድምፅ ሰማሁ» እንዳትዪ። አንባቢው የልብ ሐኪም ነው፤ እዚያች ቃል ላይ ሲደርስ ማመኑን ያቆማል። «መጀመሪያ አልሰማሁም፤ ጎኗን አዙሮ ቤሉን ሲያስይዘኝ ሰማሁ» ያለች ተማሪን ግን ያምናታል። መማር እንደምትችልም ያይባታል።

ቀጥሎ ሦስቱ ቀን ነው። የደብዳቤሽ እምብርት እዚህ ጋ ነው። አጻጻፉ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ሐኪሞቻችን መወሰን አቃታቸው» ከተባለ መምህሮችሽን ያማሽ ይመስላል፤ እውነቱም እሱ አይደለም። ሦስቱም ሐኪሞች የየራሳቸውን ድርሻ ያውቁ ነበር። የጎደለው ሦስቱ አንድ ላይ ተቀምጠው፣ ምጥ ሳይመጣ በፊት፣ አንድ ወረቀት ላይ የሚጽፉበት ቦታ ነው። በምጥ ትውለድ ወይስ በኦፕራሲዮን? ምጥ ላይ ልቧ እንዳይፈጥን ሕመሙ በምን ይታገስ? ከወለደች በኋላ ማን ይከታተላት? ምጥ ካለቀም በኋላ የማህፀኑ ደም ወደ ልቧ ስለሚመለስ የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ለእሷ አደገኛ ናቸው። ይህን ሁሉ አስቀድሞ የሚያስተባብረው ማነው? ጥያቄሽ ይሄ ነው።

ስጽፈው እንዲህ ይመጣልኛል። አንቺ በእንግሊዝኛ ነው የምትጽፊው፤ ቃላቱን ሳይሆን አካሄዱን ተመልከቺ።

«በማህፀንና ጽንስ ክፍል ተመድቤ ስማር በእርግዝናዋ የመጨረሻ ወራት ላይ ያለች አንዲት ወጣት ሴት ትንፋሽ አጥሯት ወደ ሆስፒታላችን ተላከች። አስም ነው ተብሎ ነበር። ሬዚደንቱ በግራ ጎኗ አስተኝቶ ልቧን እንዴት እንደማዳምጥ አሳየኝ፤ ኢኮውም የሚትራል ቫልቭ ጥበት መሆኑን አረጋገጠ። የማህፀን፣ የልብና የማደንዘዣ ሐኪሞች ስለ አወላለዷ እስኪስማሙ ሦስት ቀን ወሰደ። እናትና ልጅ ደኅና ናቸው። በእነዚያ ቀናት አብሬያት ስለነበርኩ ግን አንድ ጥያቄ ውስጤ ቀረ፦ ይህ ውሳኔ ታካሚዋ ትንፋሽ ሳያጥራት፣ በቅድመ ወሊድ ክትትል ላይ ሳለች ሊሰጥ ይችል ነበር ወይ? ቢሰጥስ ማን ከማን ጋር ይቀመጥ ነበር?»

  ዕድሜዋን፣ የመጣችበትን ቀበሌ፣ የገባችበትን ቀን አልጻፍኩም። አንቺም አትጻፊ። ከከተማ ዳር ባለ ሆስፒታል ውስጥ «በዚህ ወር፣ ከዚህ ሰፈር የመጣች፣ የልብ ቫልቭ ችግር ያለባት ነፍሰ ጡር» ከተባለ የሚያውቃት ሰው አይጠፋም። እንግሊዝ አገር የታካሚ ምስጢር ጉዳይ ጠበቅ ያለ ነው። ደብዳቤሽ ራሱ ፈተና እንደሆነ ቁጠሪው፤ የታካሚዋን ማንነት ያጋለጠች ተማሪ የእነሱንም ታካሚ ታጋልጣለች ብለው ይፈራሉ። ፎቶ ወይም የኢኮ ምስል ማያያዝማ ጭራሽ አይታሰብም።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ልግባ። የልብ ክፍል መርጠሻል፤ የምትጠይቂው ግን ከሚሰጡት ጋር አልተገናኘም።

«የሩማቲክ የልብ ሕመምን ልማር» ብለሽ እንግሊዝ አገር ካመለከትሽ ኮንሰልታንቱ ግራ ይገባዋል። እነሱ ጋ ይህ በሽታ ብርቅ ሆኗል። የቫልቭ ክፍላቸውን የሚያጣብቡት በአብዛኛው በዕድሜ የገፉ፣ አኦርቲክ ቫልቫቸው በካልሲየም የደረቀ ሰዎች ናቸው። የሚትራል ጥበትን አንቺ ካየሽው ያነሰ ያየ የእነሱ ተማሪ ብዙ ነው። በዚህ በኩል ከሄድሽ የተሻለ ትምህርት ቤት ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ያለው የልብ ማዕከል ነው፤ ለዚያ ደግሞ ቪዛ አያስፈልግሽም።

እነሱ ያላቸውና እኛ ብዙም የሌለን ነገር ሌላ ነው። ትላልቆቹ የማስተማሪያ ሆስፒታሎች ውስጥ የልብ ሐኪምና የማህፀን ሐኪም በአንድ ክፍል፣ በአንድ ቀን፣ አንዲትን ነፍሰ ጡር አብረው የሚያዩበት የጋራ ክሊኒክ አለ። የማደንዘዣ ሐኪምና አዋላጅ ነርስም ይገቡበታል። ይህን የፈጠሩት ያለ ምክንያት አይደለም። እንግሊዝ አገር ውስጥ የልብ ሕመም ለብዙ ዓመታት እናቶችን ከሚገድሉ ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ሆኖ ቆይቷል። እዚያ የሚመጡት ሴቶች በአብዛኛው ከነልብ ችግራቸው ተወልደው፣ በልጅነታቸው ኦፕራሲዮን ተደርገው ያደጉ ናቸው። በሽታው ካንቺ ታካሚ ይለያል። አሠራሩ ግን ያው አንቺ የምትፈልጊው ነው። ሴትየዋን በተሻሻለው የዓለም ጤና ድርጅት ምደባ ከአንድ እስከ አራት ባለው የአደጋ ደረጃ ያስቀምጧታል። በደረጃዋ ልክ በስንት ጊዜ እንደምትታይ፣ የት እንደምትወልድ፣ ምጥ ላይ ማን እንደሚኖር ይወስናሉ። የአወላለድ ዕቅዷ ምጥ ከመምጣቱ ብዙ ሳምንት ቀድሞ ተጽፎ ፋይሏ ውስጥ ይገባል። ከባድ የሚትራል ጥበት በዚህ ምደባ የመጨረሻው፣ አራተኛው ደረጃ ነው። ያቺ የአንቺ ታካሚ ከምን ያህል አደጋ ጋር እንደነበረች አስቢው።

እንግዲህ የምትጠይቂው ይህን ነው። መጀመሪያ ግን የመረጥሽው ሆስፒታል ይህ ክሊኒክ እንዳለው አረጋግጪ። የልብ ክፍሉን ገጽ ብቻ ሳይሆን የማህፀንና ጽንስ ክፍሉንም ክፈቺ፤ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው እዚያ ነው። በየስንት ቀኑ እንደሚካሄድ ከተጻፈ ያዢው። በየሁለት ሳምንቱ ብቻ ከሆነ በአራት ሳምንት ውስጥ የምታይው ሁለቴ ነው፤ ቀሪውን ጊዜ በምን እንደምትሞይው ማሰብ አለብሽ። ካልተጻፈ ለተማሪዎች ቢሮ አንዲት አጭር ኢሜይል ላኪ። «ለነፍሰ ጡሮች የጋራ የልብ ክሊኒክ አላችሁ ወይ? የውጭ አገር ተማሪ ቁጭ ብሎ ማየት ይፈቀድለታል ወይ?» ይበቃል። ከሌላቸው ሌላ ሆስፒታል ፈልጊ። ስሙ የገነነ ሆኖ የምትፈልጊው ክሊኒክ ከሌለው፣ ስሙ ያነሰና ክሊኒኩ ያለው ይሻልሻል።

ሁለተኛው አንቀጽ እንዲህ ይሁን፦

«ክፍላችሁ ለልብ ሕሙማን ነፍሰ ጡሮች የጋራ ክሊኒክ እንደሚያካሂድ አንብቤያለሁ። የታካሚዎቻችሁ ሕመም በአብዛኛው ከእኛው የተለየ እንደሆነ አውቃለሁ። ላየው የምፈልገው ውሳኔው እንዴት እንደሚሰጥ ነው፦ የአደጋ ደረጃው ለታካሚዋ እንዴት እንደሚነገራት፣ የአወላለድ ዕቅዱን ማን እንደሚጽፈው፣ ዕቅዱ ምጥ ክፍል ላሉት ባለሙያዎች እንዴት እንደሚደርስ። ክሊኒኩ በማይኖርባቸው ቀናት በኢኮ ክፍልና በቅድመ ወሊድ ክትትል ብመደብ ደስ ይለኛል።»

አየሽ፣ ይህን ያነበበ ሐኪም የትኛው ቀን ከማን ጋር እንደሚያስቀምጥሽ ወዲያው ይታየዋል። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር በተለይ ሥራ ታቀልለታለች። የውጭ ተማሪን መቀበል ለእነሱ ሥራ መጨመር ነው፤ ሥራውን የቀነሰችላቸውን ይወዳሉ።

«ኢኮና ካቴተራይዜሽን መሥራት እለማመዳለሁ» የሚለውን ዛሬውኑ ሰርዢው። ይህች አንዲት መስመር ብቻ ማመልከቻሽን ልትጥለው ትችላለች። በእንግሊዝ የጎብኚ ቪዛ ሕግ መሠረት የውጭ የሕክምና ተማሪ ለኢሌክቲቭ፣ ማለትም ራሱ መርጦ ለሚወስደው አጭር የትምህርት ቆይታ፣ መምጣት ይችላል፤ ግን ክፍያ አይቀበልም፣ ታካሚም አያክምም። አንቺ እዚያ የምትሆኚው በጠረጴዛው ጥግ ተቀምጣ የምታይ፣ የምትጠይቅ ተማሪ ነው። ካቴተር እይዛለሁ ያለች አመልካች ደንቡን አላነበበችም ማለት ነው። ኤምባሲውም ያንን መስመር ቢያየው ጥያቄ ያበዛብሻል። በነገራችን ላይ ኢንተርንሺፕ ሳይሆን ኢሌክቲቭ ብለሽ አመልክቺ። ኢንተርንሺፕ ካልሽ ሥራ የምትፈልጊ ወይም የተመረቅሽ ሊመስላቸው ይችላል።

እኛ አገር ሲ ቱ ላይ ያለ ተማሪ ብዙ ነገር በእጁ ይሠራል። ደም ይቀዳል፣ ካኑላ ያስገባል፣ ማዋለድ ላይ ያግዛል። ይህን በኩራት መዘርዘር ያጓጓል። ሲቪሽ ላይ አስቀምጪው እንጂ ደብዳቤው ላይ አታብዢው። እዚያ የእነሱ ተማሪ በአንቺ ደረጃ የማይነካውን ነገር «ብቻዬን ሠርቻለሁ» ካልሽ አድናቆት ሳይሆን ስጋት ነው የሚፈጥረው። አንዲት መስመር ትበቃለች፦ «የምመጣው ለማየት ነው፤ በታካሚ ላይ የምሠራው ነገር እንደሌለ ተረድቻለሁ፤ የሆስፒታሉን የምስጢርና የኢንፌክሽን መከላከል ደንብ እከተላለሁ።» አሰልቺ ትመስላለች። የቢሮው ሠራተኛ የሚፈልገው ግን እሷን ነው።

ድህነቱን በተመለከተ ስሜትሽ ይገባኛል። ከሪፈር ወረቀት ጋር በባጃጅ የምትመጣ ነፍሰ ጡር በየቀኑ እያየሽ ዝም ማለት ይከብዳል። ግን «መሣሪያ የለንም» የሚለው በደፈናው ሲባል አንባቢው የሚይዘው ነገር የለውም። ደግሞም እውነት አይደለም፤ ኢኮ ሠርታችሁ አይደል የሚትራሉን ያገኛችሁት? ሬዚደንታችሁ በጆሮው ነው የጠረጠራት። ይህን ያህል ችሎታ ያለበትን ቤት እንደ ባዶ ቤት አትሳይው። ያጠረው ነገር የታወቀ ነው፤ አንቺም ነግረሽኛል፦ ጤና ጣቢያ ላይ አስም ተብላ ታለፈች፣ ሆስፒታል ላይ ደግሞ ሦስቱን ሐኪሞች የሚያገናኝ ቋሚ ቀን አልነበረም። ይህ ከመጀመሪያው አንቀጽ ውስጥ አለ። ሌላ አትጨምሪ።

ስለ መመለስሽ ደግሞ። ብዙ ተማሪ «ተመልሼ አገሬን እንደማገለግል ቃል እገባለሁ» ይላል። ቃል ማንም ይገባል። አንቺ ሊጣራ የሚችል ነገር አለሽ። ከሲ ቱ በኋላ ኢንተርን ሆነሽ የምትጀምሪበት ቀን አለ። ያንን ቀን ጻፊው፤ የዲን ጽሕፈት ቤት በሚሰጥሽ ደብዳቤ ላይም እንዲሰፍር ጠይቂ። ከዚያ ስትመለሺ የምታደርጊውን በተማሪ አቅም ልክ ጻፊ። «የእናቶችን ሞት እቀንሳለሁ» አይባልም። «ያየሁትን በክፍላችን የጠዋት ሴሚናር አቀርባለሁ፤ ልባቸው ለታመመ ነፍሰ ጡሮች የሚሆን የአንድ ገጽ የአወላለድ ዕቅድ ቅጽ ረቂቅ አዘጋጅቼ ለሲኒየሬ እሰጣለሁ» ይባላል። ይህን ከመጻፍሽ በፊት ሲኒየርሽን አናግሪው። እሺ ካለሽ «ሲኒየሬ ተስማምቷል» ብለሽ ጨምሪበት፤ ያኔ ዓረፍተ ነገሩ ክብደት ይኖረዋል። እሺ ካላለሽ ስለ ሴሚናሩ ብቻ ጻፊ፤ ያልተስማማ ሰው ስም አይጠቀስም።

ከዚህ በኋላ ያሉት ትንንሽ ነገሮች ናቸው፤ ሆኖም ሰው የሚወድቀው በእነሱም ነው። ቀኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፊ። የትምህርት ዘመንሽ በአንዱ ወረቀት በእኛ፣ በሌላው በእነሱ ከሆነ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት መጥቶ ያደናግራቸዋል። ስምሽ በፓስፖርትሽ ላይ እንዳለው፣ ፊደል በፊደል፣ ደብዳቤው ላይም ትራንስክሪፕቱም ላይ አንድ ይሁን። ትራንስክሪፕቱ የተለየ ከሆነ አሁኑኑ ሬጂስትራር ሂጂ፤ ጊዜ ይፈጃል። ክረምት ላይ መሄድ እንደምትፈልጊ ገምቻለሁ። የኦገስት የመጀመሪያ ሳምንታቸውን ግን አትምረጪ። እዚያ አዲስ ተመራቂ ሐኪሞች ሥራ የሚጀምሩት በፈረንጆች ኦገስት የመጀመሪያ ረቡዕ ነው። ዋርዱ ሁሉ መንገድ በሚጠይቁ አዳዲስ ሐኪሞች ይሞላል፤ ላንቺ ጊዜ ያለው ሰው አይኖርም። ከዚያ በፊት ያለውን ወር በአንደኛ ምርጫ፣ ሌላ አራት ሳምንት ደግሞ በሁለተኛ አስቀምጪ። ክፍያና ድጎማ ካለ ለቢሮው ለብቻው ጠይቂ፤ ደብዳቤው ውስጥ ገንዘብ አይነሳ። ጠቅላላ ከአንድ ገጽ አይለፍ።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ፤ ከሁሉም ይልቅ የሚረሳውም እሱ ነው። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍልሽ ሲኒየር ስለዚህች ታካሚ ያውቃል? ካላወቀ «ታታሪ፣ ሰዓት አክባሪ፣ ከሰው ጋር ተግባቢ ተማሪ ናት» ብሎ ይጽፍልሻል፤ ይህ ደግሞ ለማንም የሚጻፍ ነው። አንባቢው ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ነው የሚያያቸው። ያንቺው ስለ ነፍሰ ጡሯ ሲናገር፣ የሲኒየርሽም «ታካሚዋን እስክትወልድ ድረስ ስትከታተል ነበር፤ ይህን ጥያቄ ራውንድ ላይ ያነሳችው እሷ ናት» ካለ ነገሩ ተረጋገጠ። ስለዚህ ረቂቅሽን አትመሽ ከራውንድ በኋላ ስጪው። በዚያ ጊዜ ዋርድ የነበረው ሬዚደንትም ያንብበው፤ እንደዚያ አልነበረም የሚለው መስመር ካለ አስተካክዪ። ሲኒየርሽ የድጋፍ ደብዳቤውን ፈርሞ ካሸገው በኋላ ማስለወጥ ከባድ ነው፤ በዚህ ሳምንት አግኚው።